«ተፈጥሮ ነው» የማያስቆመው ደም

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት መስመር ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት በወር አበባዋ ሁለተኛ ቀን ሆዷን ይዛ ብትጎነበስ ምን እንደሚባል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሱፐርቫይዘሩ «ሁሉም ሴት ያማታል፣ ሁሉም ግን ይሠራል» ይላል። ክሊኒክ ያለችው ነርስ ሁለት የህመም ማስታገሻ ሰጥታ «ተፈጥሮ ነው፣ ትንሽ አረፍ በይ» ትላለች። ማታ እናቷ በስልክ «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ብለው ያጽናኗታል። ሦስቱ አይተዋወቁም፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው። በየወሩ ከልክ በላይ የሚፈሰው ደም፣ ከወገብ የሚያስጎነብሰው ቁርጠትና ከዚያ በኋላ የማይለቀው ድካም የሴትነት ዕጣ ነው፣ ተሸከሚው ነው የሚሏት። ይህ መልስ ስህተት ነው፤ ደግነት የተቀባ ስህተት በመሆኑ ደግሞ ለመንቀል ያስቸግራል።

ለዚህ አመለካከት ግን ፍርዱን አልነፍገውም። የወር አበባ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ ከበሽታ የሚመጣ አይደለም። ማህፀን ሽፋኑን ሲጥል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ እሱ ጡንቻውን ያኮማትራል፣ ያም ያማል። በብዙዎች ዘንድ ዕድሜ ሲገፋ ይቀላል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖችም ይህንኑ ንጥረ ነገር ስለሚቀንሱ በእርግጥ ይሠራሉ። ድካምም ቢሆን ሰበቡ ብዙ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ፣ የድሬ ሙቀት፣ በጠባብ ደመወዝ የሚቆጠብ ምሳ። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋን የመታው የወባ ወረርሽኝ እንዳስታወሰን፣ ወባም ደም ያሳንሳል። ጤነኛዋን ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነሽ ብሎ ማስደንገጥም በጎ ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የምቃወመው «አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው» የሚለው እውነት ሳይጠይቁና ሳይመረምሩ «አንቺም ደህና ነሽ» ወደሚል ፍርድ መለወጡን ነው።

«ሁሉም ሴት» የሚለውን እንያዝ። ሁሉም ሴት ስንት ነው የሚፈሳት? አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ በአማካይ የምታጣው ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከቡና ሲኒ ግማሽ ቢሆን ነው። በጥናት ውስጥ «በዛ» የሚባለው ከ80 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ነው። እርግጥ ደሟን ሰፍራ የምታውቅ ሴት የለችም፤ ስለዚህ ሐኪሞች የሚጠይቁት ሌላ ነው። ሞዴስ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ትቀይሪያለሽ? ሌሊት ለመቀየር ትነሻለሽ? ከሳንቲም የሚበልጥ የረጋ ደም ይወርዳል? ከሰባት ቀን ያልፋል? እንግሊዞች ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕክምና መመሪያቸው ልኩን ትተው፣ ደሙ የሴቲቱን ኑሮ ካወከ በዝቷል ማለት ነው ብለዋል። ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ግን የፋብሪካ ሥራ አንድ ወጥመድ አለው። «በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ የስፌት ኦፕሬተሯ «ሦስት» ትል ይሆናል። ሦስት ትንሽ ነው፤ ነርሷም ትረጋጋለች። ነገር ግን ልጅቱ ሦስት ጊዜ ብቻ የቀየረችው መጸዳጃ ቤት መሄድ በፈቃድ ስለሆነና መስመሩ ላይ ሥራ እንዳይከመርባት ስለፈራች ሊሆን ይችላል። ሁለት ሞዴስ ደርባ፣ በላዩ ጨርቅ ጨምራ፣ ጥቁር ሱሪ ለብሳ ነው የምትውለው። ትክክለኛው ጥያቄ ስንቴ ቀየርሽ ሳይሆን ትደርቢያለሽ ወይ፣ ልብስሽን አልፎ ያውቃል ወይ፣ ለእነዚያ ቀናት ብለሽ የምትመርጪው ልብስ አለ ወይ ነው። ይህን የሚጠይቅ ከሌለ ቁጥሩ ይዋሻል።

የእናትየው ማጽናኛስ? «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ማለት «ጤነኛ ነሽ» ማለት ነው ብሎ ማን ነገረን? ማዮማ፣ ማለትም በማህፀን ጡንቻ ላይ የሚያድገው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ በቤተሰብ ይበረታል። የደም አለመርጋት ችግርም እንዲሁ ይወረሳል። እናት፣ እህትና አክስት ሁሉ ደም የሚበዛባቸው ከሆነ ለልጅቱ የሚነገራት መጽናኛ ሳይሆን ለሐኪም የሚነገር መረጃ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሲያነክስ ማንከስ ጤና አይሆንም።

አሁን ወደ ድካሙ ልምጣ። ክርክሬም በዋነኛነት የሚያርፈው እዚህ ነው። «ሰነፈች»፣ «ሥራ አልለመደችም»፣ «ስልክ ስትነካካ አድራ ነው» የሚባልላት ልጅ የጎደላት ነገር በቁጥር ይታያል። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ አይረን አለ። አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት ኦፕሬተር በየወሩ 120 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳታል እንበል። ይህ ብቻ 60 ሚሊ ግራም አይረን ነው። የወር አበባ ባይኖርም ከአንጀትና ከቆዳ በየቀኑ አንድ ሚሊ ግራም ያህል ይወጣል፤ በወር 30። ጠቅላላ ወጪዋ 90 ደረሰ። ገቢዋስ? ከምግብ በቀን 15 ሚሊ ግራም አይረን ብታገኝና ከዚያ ውስጥ አንድ አሥረኛው ቢዋሃዳት፣ በቀን አንድ ተኩል፣ በወር 45 ነው። በየወሩ 45 ሚሊ ግራም ይጎድላታል። አንዲት ሴት በሰውነቷ ያከማቸችው አይረን ደግሞ ቢበዛ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በሰባት ወር ውስጥ ጎተራው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ምግብ የምትኖር፣ 35 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚፈሳት ጓደኛዋ ግን ወጪዋ 47 ገደማ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሚዛኗን ትጠብቃለች። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ፣ አንድ ዓይነት ምሳ በልተው፣ በአንድ ደመወዝ ይሠራሉ። አንዷ ትበረታለች፣ አንዷ ትወድቃለች። ልዩነቱ የባሕርይ ነው?

ስሌቱ ሻካራ መሆኑን አልደብቅም። ክምችት ሲያልቅ አንጀት የበለጠ መሳብ ይጀምራል፤ ደም ሲሳሳ ደግሞ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የሚወጣው አይረን ይቀንሳል። ስለዚህ በእውነተኛው ሰውነት ውስጥ ውድቀቱ ከወረቀቱ ይዘገያል። መዘግየቱ ራሱ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ልጅቱ ቀስ በቀስ ስለምትደክም ድካሙን ትለምደዋለች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሲነሱ ዓይን ይጨልማል። በረዶ መቆርጠም ያምራታል፤ ድሬ ላይ ይህን ሙቀቱ ነው ብሎ የማያልፍ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የበረዶ ወይም የአፈር አምሮት ግን የታወቀ የአይረን እጥረት ምልክት ነው።

ክሊኒክ ሄዳ ጣቷ ተወግቶ «ሄሞግሎቢንሽ 12 ነው፣ ደም ማነስ የለብሽም» ቢባልስ? ይህም ብዙ ጊዜ ክርክር መዝጊያ ይሆናል፤ መዝጋት ግን አልነበረበትም። ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው የተከማቸውን አይረን ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታች ሲሆን እጥረት አለ ይላሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ያስቀመጠው መስመር 15 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ 198 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ፈትኖታል። ሴቶቹ ሄሞግሎቢናቸው ደህና፣ ፌሪቲናቸው ከ50 በታች፣ ድካማቸው ግን ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ነበር። ለአሥራ ሁለት ሳምንት አይረን የወሰዱት ድካማቸው በግማሽ ያህል ሲቀንስ፣ አስመሳይ ክኒን የተሰጣቸው የቀነሰላቸው ሲሶ እንኳ አልሞላም። አስመሳዩ ክኒንም ትንሽ መርዳቱ ድካም ብዙ ሰበብ እንዳለው ያሳያል፤ ልዩነቱ ግን የአይረኑ ድርሻ ነው። ፌሪቲንም የራሱ ተንኮል አለው፤ በቅርቡ ወባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን የያዛት ሴት ላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ክምችት ያለ ያስመስላል።

እዚህ ላይ «እኛ እኮ ጤፍ በላተኞች ነን» የሚል ይነሳል። ጤፍ አይረን አለው፣ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር አይረኑን ይዞ ለአንጀት አይለቅም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በምሳ ላይ የሚጠጣው ሻይ ግን ያተረፍነውን መልሶ ይወስዳል። ቀይ ሥርም ቀለሙ እንጂ አይረኑ ብዙ አይደለም፤ ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ማለት ምኞት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ኢትዮጵያውያት ከአራቱ አንዷ ገደማ ደም ማነስ እንዳለባት አግኝቷል፤ ድሬዳዋ ከዚያ አማካይ በላይ ነበረች። እንጀራ ብቻውን የሚያድን ቢሆን ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

የህመም ማስታገሻውስ? ክኒኑን አልነቅፍም፤ ክኒኑ ጥያቄውን እንዲተካ መደረጉን ነው የምነቅፈው። ደም የሚበዛው በምን ምክንያት ነው ተብሎ ሳይጠየቅ ማስታገሻ መስጠት ጭስ እያዩ መስኮት መክፈት ነው። መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር እርግዝና ነው፤ የዘገየና የበዛ ደም ሁሉ የወር አበባ አይደለም፣ ውርጃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የምትወስደው መከላከያ ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት የሦስት ወር መርፌና በክንድ ሥር የሚቀበረው የወር አበባን ያዛባሉ፤ አንዳንዷን ያስቀሩባታል፣ አንዳንዷን ለሳምንታት ያንጠባጥቡባታል። መዳብ ያለው ሉፕ ደግሞ ደሙንም ቁርጠቱንም ያበዛል። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። የማይጠየቀው ግን ያላገባች ልጅ መከላከያ ትወስዳለች ብሎ መናገር ስለሚያሳፍር ነው፤ ለአፍረታችን ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ማዮማ ይመጣል። ስለ ማዮማ የሚወራው አብዛኛው ነገር በትልቅነቱ ላይ ነው፤ «የብርቱካን ያህል አላት» ይባላል። ለደም ግን ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይወስናል። ወደ ማህፀን ክፍተት ውስጥ ገፍቶ የሚያድገው ትንሽ ቢሆንም ደም ያፈሳል፤ በውጭ በኩል የሚያድገው ግን ትልቅ ሆኖም ሽንት ያስቸኩል ይሆናል እንጂ ደሙን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ አልትራሳውንድ «ማዮማ አለ» ብሎ መጻፉ አይበቃም፤ የት እንዳለ መጻፍ አለበት። አልትራሳውንድ ላይ የታየው ማዮማ ደሙን የሚያመጣው ላይሆን እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል። ማዮማ ማለት ማህፀን ማውጣት ነው የሚለው ፍርሃትም ብዙዎችን ከምርመራ ያርቃል። ትንሽ ሆኖ ችግር የማያመጣው ይተዋል፣ ሌላው በመድኃኒት ይያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን ማትረፍ ይቻላል።

በፋብሪካ መስመሮች ላይ የሚበዙት ግን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ማዮማ ደግሞ ይበልጥ የሚበዛው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ነው። ለነዚህ ልጆች መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የሆርሞን መዛባት ነው። እንቁላል በየወሩ ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመረትም። ኤስትሮጅን ብቻውን የማህፀንን ሽፋን ያለ ገደብ ያወፍረዋል፤ ሽፋኑ በመጨረሻ ራሱን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ጊዜ፣ ሥርዓት በሌለው መልክ ይወርዳል። ምልክቱ ይታወቃል፤ ሁለት ሦስት ወር ይቀርና ከዚያ ሲመጣ አሥር አሥራ አምስት ቀን ይፈሳል። ብጉርና የአገጭ ፀጉር ካለ የኦቫሪ ችግር፣ ብርድ ብርድ ማለትና የአንገት እብጠት ካለ የታይሮይድ ችግር ይታሰባል። ከመጀመሪያዋ የወር አበባ ጀምሮ የበዛባት፣ ነስር የሚያስቸግራት፣ ጥርስ ስትነቀል ደሟ አልቆም ያለ ልጅ ደግሞ የደም መርጋት ምርመራ ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ በአንድ ክኒን ሥር የተቀበረ ታሪክ ነው።

አይረን ሰጥቶ ማሰናበትስ መፍትሔ አይደለም? ግማሽ መፍትሔ ነው። ደሙ ሳይገታ የሚሰጥ አይረን በየወሩ ይወርዳል፤ አይረን ሳይሰጥ የተገታ ደምም ባዶውን ጎተራ አይሞላም። ሁለቱም አብረው መሄድ አለባቸው። ደሙን ለመቀነስ በሐኪም ትእዛዝ በወር አበባ ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከሚፈሰው ግማሽ ያህሉን ይቀንሳል፣ የደም ሥር መዘጋት ለነበረባት ግን አይሰጥም። አይቡፕሮፌንም ቁርጠቱን ከመቀነሱ ሌላ ደሙን በመጠኑ ያሳንሳል፤ የሚበጀው ግን ቁርጠቱ ከበረታ በኋላ ሳይሆን ደሙ ሲጀምር፣ ምግብ ተበልቶ ሲወሰድ ነው፤ ጨጓራ ላለባትም አይመከርም። አይረኑ ደግሞ 60 ሚሊ ግራም ገደማ የሆነው በቀን አንድ ጊዜ፣ እንዲያውም በየሁለት ቀኑ ቢወሰድ የተሻለ እንደሚዋሃድ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በየቀኑ ደጋግሞ መዋጥ አንጀትን በሩን እንዲዘጋ ያደርገዋልና። ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት አርቆ፣ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ነው የሚወሰደው። ሰገራ ቢጠቁር አያስደንግጥ። በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑ በአንድ ወይም በሁለት ካልጨመረ፣ ወይ ክኒኑ እየተወሰደ አይደለም፣ ወይ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ምርመራው ተሳስቷል። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት ግን ጉልበት እንደተሰማቸው ነው።

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አደገኛ ነው። ቁርጠት ከወሊድ በኋላ የሚቀልላቸው አሉ። ግን እርግዝና ራሱ ከእናቲቱ 1000 ሚሊ ግራም ገደማ አይረን ይጠይቃል። ጎተራዋ ባዶ የሆነን ልጅ «ውለጂና ይለፍልሽ» ማለት ዕዳ ላለበት ሰው ሌላ ብድር ማዘዝ ነው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳትስ የምትቋቋመው በምን አቅም ነው?

የመጨረሻው ክርክር የአሠሪው ነው፤ በግልጽ ባይነገርም ከሁሉም ይበረታል። «ይህን ካነሳን ሴት መቅጠር ይከብዳል፣ ምርት ይቀንሳል» ይባላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቤጂንግ ውስጥ ባለ የጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩ አይረን ያነሳቸው ሴቶችን ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተከታትሏል። አይረን የተሰጣቸው በሥራ ላይ የልብ ምታቸው ቀንሶ፣ በዚያው ጉልበት የሚያመርቱት ጨምሯል። ማለትም አሠሪው በስንፍና ስም የሚቆርጠው ደመወዝ፣ ርካሽ ክኒንና ጥቂት ጥያቄ ሊመልሱት የሚችሉት ምርት ነበር።

ሕጉም ቢሆን ለልጅቱ አንድ ነገር ሰጥቷታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ነገር ግን ፈቃዱ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል። የፋብሪካው ክሊኒክ መዝገብ ላይ በየወሩ የሚጻፈው «ማስታገሻ ተሰጥቷታል» ብቻ ከሆነ፣ ልጅቱ በሕግ ፊት ታማሚ አይደለችም፤ ቀሪ ናት። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ሕክምናዋን ብቻ ሳይሆን መብቷንም የሚወስድባት እንዲህ ነው።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። የፋብሪካ ክሊኒክ ማስታገሻውን ከመስጠቱ በፊት ስለ መደረብ፣ ስለ ረጋ ደም፣ ስለ መከላከያና ስለ ቤተሰብ ይጠይቅ። የእርግዝናና የሄሞግሎቢን ምርመራ ያድርግ፤ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ ድካሙ ካልለቀቀ ፌሪቲን ይታይ። ወቅቱን ያልጠበቀ፣ የበዛ ወይም በየወሩ የሚብስ ሲሆን ለአልትራሳውንድ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል በጽሑፍ ይላክ፤ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስና ራስ የሚያስት ከሆነ ያኔውኑ። የተገኘውም ነገር በስሙ ይጻፍ፤ ማዮማ ከሆነ ማዮማ፣ አይረን እጥረት ከሆነ አይረን እጥረት። ይህ ሳይደረግ ግን ማንም ሱፐርቫይዘር፣ ማንም የሰው ሀብት ሠራተኛ የዚያችን ልጅ ፋይል አውጥቶ «ሰነፍ» ብሎ የመጻፍ ሥልጣን የለውም።